«ስንት ቀኑ ነው?» ትኩሳት የያዘው ጨቅላ ወላጅ ሲደውል ነርሷ የምትጠይቀው ለምን በዚያ ቅደም ተከተል ሆነ

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ማታ ወደ ልጃቸው ክሊኒክ ሲደውሉ ብዙ ጊዜ ስልኩን የምታነሳው ሐኪም ሳትሆን ነርስ ናት። የምትሰጠው ምክር ደግሞ ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ይመስላል። የአንድ ዓመት ልጅ 39.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ «ውሃ አጠጡት፣ ቀለል ያለ ልብስ አልብሱት፣ ነገ ደውሉ» ይባላል። ጎረቤት ያለው የስድስት ሳምንት ጨቅላ ግን 38.1 ሆኖ፣ እየጠባና ፈገግ እያለ፣ «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት» ይባላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲገናኙ አንዱ «ነርሷ ቸልተኛ ናት» ይላል፣ ሌላው «ለሆስፒታሉ ገቢ ብለው ነው» ይላል። ሁለቱ ምክሮች ግን የወጡት ከአንድ መመሪያ ነው። መመሪያው ከሙቀቱ ይልቅ ዕድሜውን የሚያስቀድም በመሆኑ ብቻ ነው መልሱ የተለያየው።

የስልክ ትሪያጅ ምንድን ነው?

ትሪያጅ ማለት ልየታ ነው፤ ማን አሁኑኑ፣ ማን ዛሬ፣ ማን ነገ መታየት እንዳለበት መለየት። በስልክ ሲሆን ነርሷ ልጁን አታየውም፣ አትዳስሰውም፣ እስትንፋሱንም በመሣሪያ አታዳምጥም። ያላት የወላጁ ቃል ነው። ስለዚህ በሽታውን አትመረምርም፤ «ምን ያዘው?» የሚለው የሷ ጥያቄ አይደለም። የሷ ጥያቄ «በስንት ሰዓት ውስጥ፣ የት መታየት አለበት?» የሚል ነው።

በአሜሪካ ብዙ የነርስ መስመሮች የሚጠቀሙባቸው መመሪያዎች መነሻ በኮሎራዶ የሕፃናት ሐኪሙ ባርተን ሽሚት የጀመሩት ሥራ ነው። ሽሚት በ1980 ወላጆች ስለ ትኩሳት ያላቸውን የተጋነነ ፍርሃት «የትኩሳት ፎቢያ» ብለው የሰየሙ ሰው ናቸው። ትኩሳትን ብዙ አትፍሩ ያሉት እኚህ ሐኪም፣ ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን በመመሪያቸው ጥብቅ መሆናቸው ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ፍንጭ ነው።

የመመሪያው አሠራር ከላይ ወደ ታች ነው። ጥያቄዎቹ በአስጊነታቸው ይደረደራሉ። መጀመሪያ አምቡላንስ የሚያስጠራው፣ ቀጥሎ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬደው፣ ከዚያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ከዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያሳየው፣ መጨረሻ ላይ ቤት የሚያስቀረው። ነርሷ የመጀመሪያውን «አዎ» ስታገኝ እዚያው ላይ ትቆማለች። የተለመደው ደንብ ነርሷ በራሷ ውሳኔ ከመመሪያው የበለጠ ጥንቃቄ ማድረግ እንደምትችል፣ ዝቅ ለማድረግ ግን ሐኪም ማማከር እንዳለባት ነው። ልጁን ያላየ ሰው «ምንም አይደለም» ለማለት ያለው መብት ጠባብ መሆኑ ተገቢ ይመስለናል።

ዕድሜ ለምን ይቀድማል?

ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን የመከላከያ አቅሙ ገና ያልጠነከረ ነው። በሽንት መንገድ የገባ ባክቴሪያ በትልቅ ልጅ እዚያው ሊገታ ሲችል፣ በጨቅላ ግን ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሽፋን የመዝለቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፉ ባክቴሪያዎችም በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው የሚታዩት። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጨቅላው መታመሙን የሚያሳይበት መንገድ ትንሽ መሆኑ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ማጅራት ገትር ሲይዘው አንገቱ ሊደርቅ፣ ራሱን ሊይዝ ይችላል። የአምስት ሳምንት ሕፃን ግን ትኩሳት ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ይጠባል፣ ይተኛል፣ ፈገግ ይላል።

ቁጥሩ ምን ያህል ነው? በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች በመጡ፣ ትኩሳት ባለባቸውና 60 ቀን ወይም ከዚያ በታች በሆኑ 1,821 ሕፃናት ላይ የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት ከመቶ 9.3ቱ ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን እንደነበረባቸው አሳይቷል። አብዛኛው የሽንት ነው። ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ የተገኘባቸው ከመቶ 1.4፣ ማጅራት ገትር የነበረባቸው ከመቶ ግማሽ ያህል ናቸው። ይህን በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ከአሥር ዘጠኙ ሕፃናት ቫይረስ ወይም ቀላል ነገር ነበረባቸው፤ ስለዚህ ወላጅ መደንገጥ አይገባውም። አንዱን ከዘጠኙ በስልክ መለየት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉም መሄድ አለባቸው። ነርሷ በወላጁ ጆሮ ግትር የምትመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም ጥያቄው «ስንት ወሩ ነው?» መሆን የለበትም። «መቼ ተወለደ?» መሆን አለበት፤ ቀኑን የምትቆጥረው ነርሷ ናት። «ሁለት ወሩ» የሚል መልስ የሰባት ሳምንትም የአሥራ አንድ ሳምንትም ልጅ ሊሆን ይችላል። «ሦስት ወሩን ጨርሷል» የተባለው ሲቆጠር 84 ቀን ሊሆን ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነም ይህ ይጠየቃል፤ በሰባት ወር የተወለደ ልጅ በቀን መቁጠሪያ አራት ወር ቢሞላው እንኳ እንደ ሙሉ ጊዜ ልጅ አይቆጠርም።

37.5 ወይስ 38?

በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ ትልቁ ክርክር ይህ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ የሠራ ዘመድ «37.5 ከሆነ ትኩሳት ነው» ይላል። አሜሪካዊቷ ነርስ 38.0 ትላለች፤ በፋራናይት 100.4 ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩበት ቦታና ዓላማቸው ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ በኢትዮጵያም ሥራ ላይ ያለው፣ ከሁለት ወር በታች ላለ ጨቅላ በብብት ተለክቶ 37.5ና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ የአደጋ ምልክት ነው ይላል። ላቦራቶሪ ለሌለው የገጠር ጤና ኬላ የተሠራ ደንብ ስለሆነ መረቡን ሰፋ አድርጎ ይጥላል። የአሜሪካው 38.0 ደግሞ በፊንጢጣ ለሚለካ ሙቀት የተቀመጠ ነው። የብብት ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከፊንጢጣው ዝቅ ስለሚል በብብት 37.5 የሆነ ልጅ በፊንጢጣ 38 ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ልዩነት ግን ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ «ግማሽ ዲግሪ ደምሩ» የሚለው ልማድ አያስተማምንም። ነርሷ የምትመዘግበው የተነበበውን ቁጥርና የተለካበትን ቦታ ነው፤ ምንም አይደመርም፣ አይቀነስም።

በአሜሪካ የወላጅ መመሪያዎች በብብት 37.2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጨቅላ በፊንጢጣ ተለክቶ እንዲረጋገጥ ይመክራሉ። ነርሷም እንዲህ ታስለካለች፦ «ዲጂታል ቴርሞሜትር አለዎት? ጫፉን ቫዝሊን ይቀቡት። ልጁን በጀርባው አስተኝተው እግሮቹን ወደ ላይ ይያዙ። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ያስገቡ፤ እንቅፋት ካለው አይግፉ። እስኪጮህ ድረስ ይዘው ይቆዩ።» ብሪታንያ ያለው ዘመድ ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ የአገሩ መመሪያ ለጨቅላ የሚያዘው በብብት ነው፣ በፊንጢጣ መለካትን አይመክርም። እናቲቱ ከፈራች ወይም መሣሪያው ከሌላት ሙግት አይገባም፤ በብብት ትለካለች። ቴርሞሜትር ጭራሽ ከሌለና እናት «ገላው ይፋጃል» ካለች፣ ከሦስት ወር በታች ላለ ልጅ ቃሏ እንደ ትኩሳት ይወሰዳል። በግንባር ላይ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ግን እንደ ልኬት አይቆጠርም።

የተጠቀለለ ልጅስ? ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት የተኛ ጨቅላ ሙቀቱ ከፍ ሊል ይችላል። አንዳንድ መመሪያዎች ልጁ በሌላ በኩል ፍጹም ደህና ከሆነ ተገልጦ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እንዲለካ ይፈቅዳሉ። ሌሎች ባለሙያዎች በፊንጢጣ 38 ከተነበበ ጥቅልሉን ማመካኘት አደገኛ ነው ይላሉ። ሚዛናዊው አካሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ገልጦ መለካት ነው። ሁለተኛው ልኬትም 38 ከሆነ ጉዳዩ አልቋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ እየለኩ ቁጥሩ እስኪወርድ መጠበቅ አይገባም።

ቁጥሩ ዝቅ ሲልም መዘንጋት የለበትም። በኢንፌክሽን የተጠቃ ጨቅላ ከማተኮስ ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በፊንጢጣ ከ36 በታች ሆኖ ሲሞቅም የማይነሳ ሕፃን እንደ ትኩሳተኛው ሁሉ አሁኑኑ ይታያል።

ቃል እንደ መሣሪያ

የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ስለ ልጁ ሁኔታ ናቸው፤ አምቡላንስ የሚያስጠራ ነገር እንዳለ ለማወቅ። «አሁን በዚህ ደቂቃ ልጁ ምን እያደረገ ነው?» የሚለው ክፍት ጥያቄ ይቀድማል፤ እናት በራሷ ቃል የምትናገረው ከ«አዎ/አይ» መልስ ይበልጣል። ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ጠቁሯል ወይ? ሲተነፍስ ያቃስታል ወይ? ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል ወይ? ሲያነሱት እንደ ጨርቅ ይዝለፈለፋል ወይ? አንቀጥቅጦታል ወይ? እርግብግቢቱ ቀና ተደርጎ ሳያለቅስ ሲዳሰስ አብጧል ወይ? በመስታወት ብርጭቆ ሲጫኑት የማይጠፋ ሐምራዊ ነጠብጣብ ወጥቶበታል ወይ? ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የከንፈር መጥቆርና ሽፍታ ስለሚደበቅ የአፉን ውስጥ፣ መዳፉንና የእግሩን ሥር በመብራት ማሳየት ይሻላል። ከነዚህ አንዱ «አዎ» ከሆነ ወላጁ ስልኩን ዘግቶ 911 ይደውላል።

አማርኛና እንግሊዝኛ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። እናት «ደክሞታል» ስትል እንቅልፍ አሸንፎታል ማለቷ ሊሆን ይችላል፣ አይነቃም ማለቷም ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሲያስተላልፍ ውሳኔው ይለወጣል። መፍትሔው ስሙን ትቶ ድርጊቱን መጠየቅ ነው፦ «ጫማ እግሩን ሲነካኩት ይነቃል? ሲነቃ ዓይንዎን ያያል? መጨረሻ ሲጠባ ስንት ደቂቃ ጠባ? እንደ ሁልጊዜው አጥብቆ ነው የሳበው?» የሽንትም ጥያቄ እንዲሁ ነው፤ «ውሃ አጥሮታል?» ሳይሆን «ዛሬ ስንት ዳይፐር አረጠበ? የመጨረሻው መቼ ነበር?» ስምንት ሰዓት ያለ ሽንት ያለፈው ጨቅላ ፈሳሽ አጥሮታል ተብሎ ይገመታል።

«ምች መታው» የሚለው አባባልም አለ። ለእናቲቱ የተሟላ ማብራሪያ ነው፤ ምክንያቱንም መድኃኒቱንም ይዟል። ለነርሷ ግን ባዶ ነው። አስተርጓሚው «ፀሐይ መታው» ብሎ ከተረጎመው ጨርሶ ያሳስታል። ነርሷ ስያሜውን መቃወም አያስፈልጋትም፤ «ለምቹ ብለው ያደረጉለት ነገር አለ?» ብላ ብትጠይቅ ዳማከሴ ተጨምቆ በአፍንጫው ወይም በአፉ ገብቶ እንደሆነ ትሰማለች። ለጨቅላ ጭማቂ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ይህ ለሐኪሙ መነገር አለበት። «እንጥሉ ወርዶ» ተብሎ የተቆረጠ ልጅም ካለ ያው ነው፤ ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ የራሳቸው አደጋ ናቸው። ወላጅ የሚነግረው እንደማይነቀፍ ሲያውቅ ብቻ ነው።

ከቃል በላይ አደገኛ የሆነው ግን ሰዓቱ ነው። «ሁለት ሰዓት ላይ መድኃኒት ሰጠሁት» ያለች እናት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ምሽት ስምንት። ቃሉ ሳይሰላ ከተተረጎመ ነርሷ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ትሰማለች። ስለዚህ መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተሰጠ መስሏት ሥራው አልቋል ብላ ታስባለች። በወርም ያው ስሕተት አለ። «ሐምሌ 12» በቀጥታ ጁላይ 12 ተብሎ ከተወሰደ ልጁ በሰባት ቀን ያረጃል፤ ትክክለኛው ጁላይ 19 ነውና። ሰባት ቀን ብዙ ላይመስል ይችላል፤ በ28ኛው ቀን ወይም በሦስተኛው ወር ድንበር ላይ ላለ ልጅ ግን ሌላ ምድብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከስንት ሰዓት በፊት ነው?» እና «በልደት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ያንብቡልኝ» ቢሆን ይሻላል።

በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «አማሪክ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የአሥር ዓመት ታላቅ ወንድም እንዲያስተረጉም ማድረግ አይገባም።

አንድ ጥሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለምሳሌ ያህል ይህን እንውሰድ። ሴፕቴምበር 6፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ። እናቲቱ «ሲስተር፣ ልጄ አተኩሶት ነበር፤ አሁን ግን ወርዶለታል፣ ምን ላድርግ?» ትላለች። ብዙ ስሕተት የሚጀምረው «ወርዶለታል» ከሚለው ቃል ነው።

ነርሷ ስልኩ ቢቋረጥ የምትደውልበትን ቁጥርና ያሉበትን አድራሻ አስቀድማ ትይዛለች። ልጁ አሁን ጡት ላይ ነው፤ ከንፈሩ ቀይ ነው፣ አተነፋፈሱ የተለመደው ነው፣ ሲነካ ዓይኑን ይገልጣል። አምቡላንስ አያስፈልግም። ልደቱ ጁላይ 19 ነው፤ ሲቆጠር 49 ቀን፣ ሰባት ሳምንት። በጊዜው ተወልዷል፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ሲመዘን 4.8 ኪሎ ነበር።

«አሁን ሙቀቱ ስንት ነው? የት ለኩት?» በብብት 37.3። «ከዚያ በፊትስ?» በብብት 38.2 ነበር። «በመካከል የሰጡት ነገር አለ?» ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በፊት ከአገር ቤት የመጣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ 2.5 ሚሊ ሊትር ሰጥታዋለች። ነርሷ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ታስነብባለች፤ 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ የተሰጠው 60 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ4.8 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 12.5። ከተለመደው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በኪሎ ውስጥ ስለሆነ መርዝ አልሆነም። ቁጥሩን ያወረደው ግን መድኃኒቱ ነው። ፓራሲታሞል ቫይረስ ያመጣውንም ባክቴሪያ ያመጣውንም ትኩሳት እኩል ያወርዳል፤ «በሽሮፕ ወርዷልና ቀላል ነው» የሚለው ግምት መሠረት የለውም።

ውሳኔው የሚቆመው በ38.2ቱ ላይ ነው፦ ዛሬ ሌሊት፣ አሁኑኑ፣ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል። እናቲቱ «እኮ አሁን ደህና ነው፣ ጠዋት ልውሰደው» ትላለች። ጥሩ ነርስ እዚህ ላይ አትቆጣም፣ አታስፈራራም፤ ምክንያቱን በአጭሩ ትናገራለች። «ደህና መምሰሉ ደስ ይላል። በዚህ ዕድሜ ግን ደምና ሽንቱ ሳይታይ ደህና መሆኑን እኔም እርስዎም ማወቅ አንችልም። ባክቴሪያ ከሆነ እስከ ጠዋት ያለው ሰዓት ብዙ ነው።» እዚያ የሚጠብቃቸውንም ቀድማ ትነግራለች፤ ሽንት በቀጭን ቱቦ ይወሰዳል፣ ደም ይቀዳል፣ ምናልባት ከጀርባው ፈሳሽ እንዲወሰድ ይጠየቃል። ይህን መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ወላጅ ደንግጦ እምቢ ሊል ይችላል።

መመሪያው በዚህ ያበቃል ማለት አይደለም። ሌላ ፓራሲታሞል አይሰጥም። ጡት አይከለከልም፣ ከዚያ ውጪ ግን ምንም አይጨመርም፤ ውሃም ሆነ ሻይ አይሰጥም። በመኪና ወንበሩ ቀበቶ ሥር ጋቢ አይደረግም፤ ከታሰረ በኋላ ከላይ ይጣላል። የሽሮፑ ጠርሙስ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ነርሷ «የነገርኩዎትን መልሰው ይንገሩኝ» ትላለች። እናቲቱ «ጠዋት ክሊኒክ» ብላ ከመለሰች ጥሪው አላለቀም። መኪና መኖሩ፣ ሌሎቹን ልጆች የሚጠብቅ ሰው መኖሩም ይጠየቃል፤ ሰው ሳይሄድ የሚቀረው ስላልተስማማ ብቻ ሳይሆን መሄጃ ስላጣም ነውና። ከ30 ደቂቃ በኋላ መልሳ ትደውላለች።

የሽሮፑ ጉዳይ

ከ12 ሳምንት በታች ላለ ሕፃን ሐኪም ሳያይ ፓራሲታሞል አይሰጥም የሚለው ምክር ከላይ ባለው ምክንያት ነው፤ ምልክቱን ይደብቃል። ብሪታንያ ውስጥ ግን በስምንት ሳምንት ከሚሰጥ የማጅራት ገትር ክትባት በኋላ ፓራሲታሞል መስጠት የታዘዘ ነው፤ ለንደን ያለች እህት «እኔ ሰጥቼዋለሁ» ብትል እውነቷን ነው። ልዩነቱ የትኩሳቱ ምክንያት አስቀድሞ መታወቁ ነው። የአሜሪካ መስመሮችም የክትባት ጊዜን ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን «ትናንት ተከትቧል» የሚለው መልስ ለጨቅላ በራሱ ነጻ አያወጣም፣ ጉዳዩን ወደ ሐኪሙ ያስተላልፋል።

ከሦስት ወር በላይ ላሉት መጠኑ በኪሎ ይሰላል፤ ችግሩ ጠርሙሶቹ አለመመሳሰላቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ፓራሲታሞል፣ እዚያ አሲታሚኖፌን የሚባለው፣ 160 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ነው። ኢትዮጵያና ብሪታንያ 120 የተለመደ ነው። ብሪታንያ ለትልልቅ ልጆች 250 አለ። እስራኤል ውስጥ ጠብታ ሆኖ የሚሸጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ነው። ያው 2.5 ሚሊ ሊትር ለስድስት ኪሎ ልጅ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 80 ሚሊ ግራም፣ ከመጨረሻው 250 ይሆናል፤ ይህም በኪሎ ከ40 በላይ ነው። ሲደጋገም ጉበት ይጎዳል። ስለዚህ ነርሷ በሚሊ ሊትር ከመናገሯ በፊት ጠርሙሱን ታስነብባለች፤ ወላጅ ጠርሙሱ ፊቱ ከሌለ መጠን አይነገርም። የሻይ ማንኪያም መለኪያ አይደለም፤ ሲሪንጅ ነው። አይቡፕሮፌን ከስድስት ወር በታች አይሰጥም፣ አስፕሪን ለሕፃን ጨርሶ አይሰጥም። ቀዝቃዛ ውሃና አልኮል ገላ ላይ ማሸትም ልጁን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ ምክንያቱን አይነካም።

ክርክሩ ምን ላይ ነው?

በአንድ በኩል መመሪያው ከሚገባው በላይ ሰው ወደ ሆስፒታል ይልካል የሚሉ አሉ። ወጪው፣ የሌሊት እንግልቱ፣ መርፌው፣ አንዳንዴም ያለ ጥቅም የተሰጠ አንቲባዮቲክ እውነተኛ ጉዳት ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ2021 ያወጣው መመሪያ ይህን ተቀብሎ ደህና የሚመስሉ ከ8 እስከ 60 ቀን ያሉ ትኩሳተኛ ሕፃናትን በሦስት ከፍሏል። ከ8 እስከ 21 ቀን ያሉት ሁሉም ሙሉ ምርመራ ተደርጎላቸው ይተኛሉ። ከ22 እስከ 28 ያሉት በደም ውጤት ላይ ይወሰናል። ከ29 እስከ 60 ያሉት የደም ምልክቶቹ ደህና ከሆኑ የጀርባ ፈሳሽ ሳይወሰድባቸው ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ።

«ታዲያ ስልኩስ ለምን አይለዝብም?» ይባላል። የለዘበው ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው ነው፤ የለዘበውም ደምና ሽንት ስለታየ ነው። ስልክ ላይ ያ የለም። የነርስ መስመሮች ድንበሩን በ60 ቀን ሳይሆን በሦስት ወር ያቆዩትም ለዚህ ነው፣ የብሪታንያ መመሪያም ከሦስት ወር በታች 38ን በከፍተኛ አደጋ ይመድባል። ክርክሩ ውስጥ የተሻለ ክብደት ያለው ወቀሳ ሌላ ነው፤ መመሪያው ለጨቅላ ትክክል ሆኖ ሳለ ከስድስት ወር በላይ ላሉት ወላጅ ደጋግሞ በደወለ ቁጥር ወደ ድንገተኛ ክፍል መላክ እየበዛ ነው የሚለው። ለነዚያ ልጆች ሁኔታው ከቁጥሩ ይበልጣል። በ39.5 እየተጫወተ የሚጠጣ የአሥር ወር ልጅ በ38.3 ፈዞ ከሚተኛው ይሻላል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያለው 39 ከደረሰ በዕለቱ መታየት ይኖርበታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ ወይም ከ40 ከበለጠ። ጥርስ ማብቀል ደግሞ 38ና ከዚያ በላይ ትኩሳት አያመጣም።

አንድ ጥያቄ ግን በየትኛውም ዕድሜ አይዘለልም፦ «በቅርብ ወራት ከኢትዮጵያ ተመልሷል?» ወባ ካለበት ቆላ አካባቢ አድሮ የመጣ ልጅ ትኩሳቱ ሲወርድና ሲነሳ ወላጅ «ጉንፋን ነው» ሊል ይችላል። ይህ ልጅ በዚያው ቀን ደሙ በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን ምርመራ መታየት አለበት።

ስልኩ ከአገር ቤት ሲመጣ

ውጭ አገር ያለች ነርስ ዘመድ ሌሊት ስልክ የሚደወልላት ብዙ ጊዜ ነው። ጥያቄዎቹና ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም፤ መልሱ ግን በቦታው ልክ ይሆናል። ከሁለት ወር በታች ከሆነ በብብት 37.5 ይበቃል፤ 38 አይጠበቅም። የት ጤና ጣቢያ ሌሊት ክፍት እንደሆነ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ መጀመሪያ ይጠየቃል፤ በቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሞከርም ይቻላል። ሩቅ ከሆነ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ እዚያ ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ መስጠት የአሠራሩ አካል ነው። በመንገድ ላይ ልጁ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ተደርጎ ይያዛል፣ መጥባት ከቻለ ይጠባል። በፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ተሰጥቶት እንደሆነ ይጠየቃል፤ ተሰጥቶት ከሆነ ስሙና የተሰጠበት ሰዓት ወረቀት ላይ ተጽፎ አብሮ ይሄዳል።